ለምን 240 ረድፍ በ2160 ረድፍ ላይ ልክ ይገጥማል፣ 224 ግን አይገጥምም? የድሮ ጌሞች በፎር ኬ ስክሪን

አንድ ሰው ፎር ኬ ስክሪን ገዝቶ በልጅነቱ የተጫወተውን ጌም ሲከፍትበት፣ ብዙ ጊዜ የሚያየው ምስል ከጠበቀው ያነሰ ነው። የገጸ ባሕርያቱ ጠርዝ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፣ ፊደላቱ ያበጡ ይመስላሉ፣ ካሜራው ወደ ጎን ሲንቀሳቀስም የግድግዳው ጡቦች ይርገበገባሉ። ነገሩ ግራ የሚያጋባው ስክሪኑ በፒክስል ብዛት ደሃ አለመሆኑ ነው። ፎር ኬ ስክሪን 3840 ዓምድና 2160 ረድፍ፣ በድምሩ ከ8 ሚሊዮን የሚበልጡ ፒክስሎች አሉት። ሱፐር ኒንቴንዶ የሚባለው የድሮ የጌም ኮንሶል የተለመደ ምስል ደግሞ 256 በ224፣ ማለትም 57,344 ፒክስል ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ የጌሙ ፒክስል ከ140 በላይ የስክሪን ፒክስሎች እያሉ ምስሉ የሚደበዝዘው ቦታ ጠቦት ሳይሆን፣ ክፍፍሉ ስለማይወጣ ወይም ክፍፍሉን የሚሠራው አካል ከመቅዳት ይልቅ መቀላቀልን ስለሚመርጥ ነው።

እነዚህ ሁለት ምክንያቶች አንድ ላይ ስለሚወሩ ብዙ ሰው እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል፤ ነገር ግን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ትንሽን ምስል ወደ ትልቅ ስክሪን የሚዘረጋ መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የስክሪን ፒክስል ቀለም መስጠት አለበት። በስፋት የሚሠራበት መንገድ ባይሊኒየር የሚባለው ሲሆን፣ የስክሪኑ ፒክስል በሁለት የጌም ፒክስሎች መካከል ሲወድቅ የሁለቱን ቀለም እንደ ርቀታቸው መጠን ይቀላቅላል። ይህ ለፎቶግራፍ መልካም ነው። ለፒክስል አርት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፒክስል በሠዓሊው ተመርጦ ለተቀመጠበት ሥዕል ግን፣ ጥቁር ፒክስል ከነጭ ፒክስል አጠገብ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሸጋገሩ ግራጫዎች ይፈጠራሉ፤ ሠዓሊው ያላስቀመጣቸው ቀለሞች ማለት ናቸው። ምስሉ ዘጠኝ ጊዜ ቢጎላ እንኳ ይህ ጭጋግ ከአንዱ ፒክስል መሃል እስከ ሌላው መሃል ድረስ ይዘረጋል። ስለዚህ ማጉያው ቁጥር ሙሉ መሆኑ ብቻውን ጥራትን አያመጣም።

ሁለተኛው መንገድ መቅዳት ነው። እያንዳንዱ የስክሪን ፒክስል በጣም የሚቀርበውን አንድ የጌም ፒክስል ቀለም እንዳለ ይወስዳል፤ ምንም የሚቀላቀል ነገር የለም። እዚህ ላይ ጭጋጉ ይጠፋል፣ ነገር ግን ቁጥሩ ሙሉ ካልሆነ ሌላ ችግር ይተካል። 224 ረድፎችን በ2160 ረድፎች ላይ ስንዘረጋ እያንዳንዱ ረድፍ 9.64 ጊዜ መደገም ነበረበት። የስክሪን ፒክስል ግን አይሰነጠቅም። ስለዚህ 144 የጌሙ ረድፎች እያንዳንዳቸው አሥር የስክሪን ረድፍ ያገኛሉ፣ የቀሩት 80 ረድፎች ደግሞ ዘጠኝ ዘጠኝ ይደርሳቸዋል። ምስሉ ቆሞ ሳለ ይህን ልዩነት ለማየት ጥሩ ዓይን ያስፈልጋል። ካሜራው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ግን አንዱ ዓይን፣ አንዱ አፍንጫ፣ አንዱ ጡብ ከዘጠኝ ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ ዘጠኝ እየተለዋወጠ ያልፋል። በጌሙ ላይ የሚታየው መርገብገብ ይኸው ነው። በባለ 1080 ረድፍ ስክሪን ላይ የባሰ ነበር፤ እዚያ አንዳንዱ ረድፍ አራት፣ አንዳንዱ አምስት ስለሚያገኝ ልዩነቱ ሩብ ያህል ይደርሳል።

በሙሉ ቁጥር ማጉላት፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ኢንቲጀር ስኬሊንግ፣ ሁለቱን ሁኔታዎች በአንድነት ማሟላት ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሙሉ ይሆናል፣ አሠራሩም መቅዳት ይሆናል። እያንዳንዱ የጌም ፒክስል ከጎረቤቱ ጋር ፍጹም እኩል የሆነ አንድ ካሬ ይሆናል፤ በካሬዎቹ መካከልም ከሠዓሊው ቀለም በቀር ሌላ ቀለም አይገባም።

2160 ከምን ተሠራ?

ፎር ኬ ስክሪን ለዚህ ጉዳይ ከባለ 1080 ስክሪን የተሻለ የሆነው ፒክስሉ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት የተማርነውን የብቸኛ ቁጥሮች ስሌት ብናስታውስ ምክንያቱ በግልጽ ይታያል። 240ን ስንፈታው አራት ሁለቶች፣ አንድ ሦስትና አንድ አምስት እናገኛለን። 1080 ስንፈታ ሦስት ሁለቶች፣ ሦስት ሦስቶችና አንድ አምስት ይወጣል። 240 አራት ሁለቶችን ይጠይቃል፣ 1080 ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዲት ሁለት ስለጎደለች 1080 ለ240 ሲካፈል 4.5 ይሆናል። 2160 የ1080 እጥፍ ስለሆነ የጎደለችውን ሁለት በትክክል ያመጣል፤ 2160 ለ240 ሲካፈል 9 ነው፣ ምንም ቀሪ የለውም። ይህ ለኒንቴንዶ የ8 ቢት ኮንሶል ምስል፣ ማለትም ለ256 በ240፣ ከስክሪኑ ላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው የሚደርስ ፍጹም ልክ ነው።

ለጌም ቦይ ውጤቱ ከዚህም ያስደስታል። የ1989ኙ ጌም ቦይ ስክሪን 160 በ144 ነበር። 144ም እንደ 240 አራት ሁለቶችን ስለሚጠይቅ በ1080 ላይ 7.5 ሆኖ ይቀራል፣ በ2160 ላይ ግን በትክክል 15 ይሆናል። ምስሉ 2400 በ2160 ሆኖ የስክሪኑን ቁመት ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ በግራና በቀኝ ብቻ 720 ዓምድ ጥቁር ይቀራል። በእጅ የሚያዝ ጌም ስለሆነ ፒክስሉ ከመጀመሪያውም ካሬ ነበር፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚነሳ የቅርጽ ክርክር የለም። በሙሉ ቁጥር የማጉላትን ጥቅም ለሚጠራጠር ሰው የማሳየው የመጀመሪያ ምሳሌ ይህ ነው።

ግን ሁሉም ምስል እንዲህ አይታዘዝም። የጌም ቦይ አድቫንስ ምስል 240 በ160 ነው። 160 አምስት ሁለቶችን ይጠይቃል፣ 2160 ደግሞ አራት ብቻ ስላለው ውጤቱ 13.5 ይሆናል። በ1080 ላይ ለጌም ቦይ የተፈጠረው ችግር ለአድቫንሱ በፎር ኬ ላይ ተደገመ ማለት ነው። ጉዳቱ ግን ቀላል ነው፤ በ13 ብናጎላው 3120 በ2080 ይሆናል፣ ከላይና ከታችም አርባ አርባ ረድፍ ብቻ ይቀራል። ዓይን ከስክሪኑ ፍሬም ለይቶ የማያየው ክፍተት ነው።

አስቸጋሪው 224 ነው። ሲፈታ አምስት ሁለቶችና አንድ ሰባት ይሰጣል፤ ያቺ ሰባት ደግሞ በ1080 ውስጥም፣ በ1440 ውስጥም፣ በ2160 ውስጥም የለችም። ስክሪኖቹ በእጥፍ ቢያድጉ እንኳ አትመጣም። የሱፐር ኒንቴንዶና የሜጋ ድራይቭ ጌሞች አብዛኞቹ 224 ረድፍ ስለሆኑ፣ በተግባር የሚያጋጥመን ጥያቄ በአመዛኙ ይህ ነው፤ ስለዚህ አንዱን እስከ መጨረሻው እንከተለው።

256 በ224 የሆነውን ምስል ማስቀመጥ

የመጀመሪያው አማራጭ ዘጠኝ ነው። 224 ረድፍ በዘጠኝ ሲባዛ 2016 ይሆናል፤ ከ2160 ላይ 144 ረድፍ ይተርፋል፣ እሱም ከላይ 72፣ ከታች 72 ሆኖ ጥቁር ይቀመጣል። ምስሉ ከስክሪኑ ቁመት 93 በመቶውን ይይዛል። በባለ 1080 ስክሪን ላይ ይኸው ጌም በአራት ጎልቶ 896 ረድፍ ብቻ ስለሚይዝ ድርሻው 83 በመቶ ነበር። ብዙ ሰዎች በሙሉ ቁጥር ማጉላትን የሚተዉት በዚህ ጥቁር ክፍተት ምክንያት እንደሆነ ሲናገሩ ይሰማል፤ ፎር ኬ ላይ ግን ቅሬታው ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ሁለተኛው አማራጭ አሥር ነው። 2240 ረድፍ ስለሚሆን ከስክሪኑ 80 ረድፍ ያልፋል፣ ይህም ከጌሙ ከላይ አራት ከታች አራት ረድፍ መቆረጥ ማለት ነው። ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ቱቦ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ዳር በፍሬማቸው ይሸፍኑት ስለነበር የጌም ሠሪዎች ነጥብና የሕይወት መጠን የመሳሰለውን እስከ ጫፍ ድረስ አያስቀምጡም ነበር። በአብዛኛው ጌም ላይ የሚጠፋው ሰማይና መሬት ነው። በእጅ ለሚያዝ ጌም ግን ይህን ማድረግ ስሕተት ነው፤ እዚያ ስክሪኑ እስከ መጨረሻው ፒክስል ይታይ ስለነበር ጽሑፍ ጫፉ ላይ ይቀመጣል።

ቁመቱ ተፈታ እንበል። ቀጥሎ የወርዱ ጥያቄ ይመጣል፣ እኔም ከቁመቱ ይልቅ ይህኛው የበለጠ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል። ሱፐር ኒንቴንዶ ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ የሚያወጣው ፒክስል ካሬ አልነበረም፤ ወርዱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር 8 ለ7 ነበር። ሠዓሊው ክብ ጨረቃ ለመሣል ሲፈልግ አንዳንድ ጊዜ ይህን አስቦ በፒክስል ሲቆጠር ጠበብ ያለች አድርጎ ይሥላታል። ያንን ምስል በወርድም በቁመትም በዘጠኝ ብናጎላው ጨረቃዋ ወርዷ 12.5 በመቶ ጠቦ እንቁላል ትሆናለች። ፒክስሉ ጥርት ብሏል፣ ሥዕሉ ግን ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ ፎር ኬ በባለ 1080 ስክሪን ያልነበረ መውጫ ይሰጣል። ሙሉ ቁጥር መሆን ያለበት ማጉያው እንጂ የወርዱና የቁመቱ ማጉያ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ቁመቱን በዘጠኝ ካጎላን ትክክለኛው የወርድ ማጉያ 10.29 ነው፤ እሱን ወደ አሥር ብናጠጋው ምስሉ 2560 በ2016 ይሆናል። እያንዳንዱ የጌም ፒክስል ወርዱ አሥር ቁመቱ ዘጠኝ የሆነ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ፍጹም እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ጭጋግም መርገብገብም የለበትም፣ የጨረቃዋ ስሕተትም ወደ 2.8 በመቶ ይወርዳል። ይኸው ዘዴ በ1080 ላይ ቢሞከር ቁመቱ አራት፣ ወርዱ ደግሞ ወይ አራት ወይ አምስት መሆን አለበት፤ በአራት 12.5 በመቶ ይጠባል፣ በአምስት 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ማጉያው ትልቅ በሆነ መጠን በአንድ እርምጃ የሚፈጠረው ስሕተት እያነሰ ይሄዳል። የፎር ኬ ትልቁ ስጦታ በእኔ ግምት ይህ ነው፣ ስለ እሱ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

የዚያ ዘመን የኮምፒውተር ጌሞችም ተመሳሳይ ጉዳይ ነበራቸው። ዶስ በሚባለው የቀድሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ጌሞች 320 በ200 ሆነው በ4 ለ3 ሞኒተር ላይ ይታዩ ስለነበር ፒክስላቸው ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ በአንድ አምስተኛ ይበልጥ ነበር። ወርዱን በአምስት ቁመቱን በስድስት ማጉላት 1600 በ1200 ይሰጣል፣ ስሕተቱም ዜሮ ነው። በፎር ኬ ላይ ግን ምስሉ የቁመቱን ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ክፍል ብቻ ይይዛል፤ ቀጣዩ ፍጹም ልክ አሥር በአሥራ ሁለት ሲሆን 2400 ረድፍ ስለሚፈልግ ከስክሪኑ ያልፋል። ትንሽ ስሕተት ተቀብሎ ስምንት በአሥር ማድረግ 2560 በ2000 ይሰጣል፤ ወርዱ በ4 በመቶ ብቻ ይጠባል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፣ በሙሉ ቁጥር የማጉላት ጥብቅ ደጋፊዎች ባይወዱትም። ሻርፕ ባይሊኒየር የሚባለው ማጣሪያ መጀመሪያ ምስሉን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ በሙሉ ቁጥር፣ ለምሳሌ በዘጠኝ፣ በመቅዳት ያጎላዋል፤ ከዚያ የጎላውን ምስል በባይሊኒየር ወደ መጨረሻው መጠን ጥቂት ይስበዋል። ቅልቅሉ የሚፈጠረው ምስሉ ከጎላ በኋላ ስለሆነ ጭጋጉ በካሬዎቹ ድንበር ላይ በአንድ የስክሪን ፒክስል ገደማ ተወስኖ ይቀራል። በባለ 27 ኢንች ፎር ኬ ሞኒተር ላይ አንድ ፒክስል 0.16 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ሆኖ ያንን የሚያይ ሰው ብዙ አይገኝም። በምትኩ ምስሉ ቁመቱን ሁሉ ይይዛል፣ ጨረቃዋም ፍጹም ክብ ትሆናለች። በ1080 ላይ ይህ ጭጋግ ከካሬው አንድ አምስተኛ ስለነበር ያስቀይም ነበር፤ በፎር ኬ አንድ አሥረኛ ሆኗል። ስለዚህ ለቴሌቪዥን ለተሠሩ ጌሞች ይህን፣ በእጅ ለሚያዙት ደግሞ ንጹሕ ሙሉ ቁጥርን ብንጠቀም የሚጎድልብን ነገር አይታየኝም።

በነገራችን ላይ ጥርት ማለት ራሱ ሁልጊዜ ሠዓሊው የፈለገው ላይሆን ይችላል። በሜጋ ድራይቭ የመጀመሪያው ሶኒክ ጌም ላይ ያለው ፏፏቴ የተሠራው በቋሚ መስመሮች ነው፤ የዘመኑ የቴሌቪዥን ገመድ መስመሮቹን አቀላቅሎ ውኃው ብርሃን የሚያሳልፍ ያስመስለው ነበር። በሙሉ ቁጥር ሲጎላ መስመሮቹ እንደ አጥር ቆመው ይታያሉ። ይህ የማጉያው ስሕተት አይደለም፤ ምስሉን እንዳለ አሳየው እንጂ።

ማን ነው የሚያጎላው?

ስሌቱን በትክክል ሠርቶ ቅንብሩንም አብርቶ ምስሉ አሁንም የሚደበዝዝበት ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ በመንገዱ ላይ ሁለተኛ የሚያጎላ አካል አለ። ከጌሙ እስከ ዓይናችን ባለው መንገድ ላይ የድሮውን ኮንሶል በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ማለትም ኢሙሌተሩ፣ ወይም የጌሙ ኢንጂን፣ ከዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ከዚያ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር፣ በመጨረሻም የስክሪኑ የራሱ ቺፕ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው ምስል ማጉላት ይችላሉ። ውጤቱ ጥርት የሚለው ከእነሱ አንዱ ብቻ ሲያጎላና ሌሎቹ ሁሉ የደረሳቸውን አንድ ለአንድ ሲያሳልፉ ነው።

ለድሮ ኮንሶል ጌም ሥራውን መስጠት ያለብን ለኢሙሌተሩ ነው፣ ምክንያቱም 224 ረድፉን በቀጥታ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ኢሙሌተሮችን በአንድ ላይ በሚያስኬደው ሬትሮአርች በሚባል ፕሮግራም ላይ፣ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ሁለት መስመሮች ጉዳዩን ይወስኑታል፤ የመጀመሪያው ቁጥሩን ሙሉ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ባይሊኒየርን ያጠፋል።

```
video_scale_integer = "true"
video_smooth = "false"
```

አንዱን አድርጎ ሌላውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ብቻ ከበራ መጠናቸው እኩል የሆኑ፣ ጠርዛቸው ግን የደበዘዘ ካሬዎች ይታያሉ፤ ሁለተኛው ብቻ ከተስተካከለ ጠርዛቸው የጠራ፣ መጠናቸው ግን የተዛባ ካሬዎች ይታያሉ። ከምልክቱ ተነሥቶ የጎደለውን ማወቅ ይቻላል።

ግራፊክስ ካርዶች በሙሉ ቁጥር ማጉላትን በድራይቨራቸው ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ኢንቴልና ኤንቪዲያ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ፣ ኤኤምዲ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ። ኤንቪዲያ ቱሪንግ ከሚባለው ትውልድ በፊት ለነበሩት ካርዶች አልሰጠውም። ይህ ቅንብር የሚጠቅመው ራሱን በዝቅተኛ ሬዞሉሽን በሙሉ ስክሪን ለሚከፍት ጌም ነው። 1280 በ720 በትክክል ሦስት ጊዜ፣ 1920 በ1080 በትክክል ሁለት ጊዜ ወደ ፎር ኬ ይገባሉ፤ 640 በ480 ደግሞ በአራት ጎልቶ 2560 በ1920 ይሆንና ዙሪያው ጥቁር ይቀራል። ድራይቨሩ ግን የሚያየው ጌሙ ያስረከበውን የመጨረሻ ምስል ብቻ ነው። ጌሙ በውስጡ 240 ረድፍ ሠርቶ ራሱ በባይሊኒየር ወደ 1080 ካደበዘዘው በኋላ ድራይቨሩ የሚያደርገው ያንን ድብዘዛ በታማኝነት እጥፍ ማድረግ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝና 1080 ረድፍ የሚያወጣ ኮንሶል ላይም ችግሩ ይኸው ነው፤ ኮንሶሉ በአራት ቢያጎላ እንኳ የመጨረሻውን እጥፍ የሚሠራው ቴሌቪዥኑ ነው፣ አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖችም እየቀላቀሉ እንጂ እየቀዱ አያጎሉም።

በኮምፒውተር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጥፋተኛ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ዊንዶውስ በፎር ኬ ሞኒተር ላይ ጽሑፍ እንዳያንስ ብዙ ጊዜ የስክሪኑን ይዘት በ150 በመቶ ያሳያል። ይህን ለይቶ የማያውቅ የቆየ ፕሮግራም ሲከፈት ዊንዶውስ ስክሪኑ 2560 በ1440 ነው ብሎ ይነግረዋል። ኢሙሌተሩም በተነገረው መሠረት 240 ረድፉን በትክክል በስድስት ያጎላዋል፤ 1440 ይሆናል፣ ስሌቱ ፍጹም ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ያንን ምስል እየቀላቀለ በ1.5 ይስበዋል። ስድስት በአንድ ተኩል ሲባዛ ዘጠኝ ስለሆነ ካሬዎቹ መጠናቸው እኩል ሆኖ ይወጣል፣ ጠርዛቸው ግን ይደበዝዛል። ቀደም ብዬ ስለ ሬትሮአርች ከጠቀስኩት የመጀመሪያ ምልክት ጋር ስለሚመሳሰል ሰው የኢሙሌተሩን ማጣሪያ ደጋግሞ እያጠፋ ያበራል፣ ምንም አይለወጥም። መድኃኒቱ የፕሮግራሙን ፋይል በቀኝ ጠቅ አድርጎ Properties ውስጥ በ Compatibility ሥር Change high DPI settings የሚለውን መክፈትና Override high DPI scaling behavior የሚለውን በ Application ማብራት ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ እውነተኛውን 2160 ያያል።

ቴሌቪዥን ለሚጠቀም ሰው የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዳንድ ቴሌቪዥን እስከ ዛሬ የምስሉን ዳር ቆርጦ የቀረውን በጥቂት በመቶ ይስበዋል፤ ይህ ካልጠፋ ከእሱ በፊት የተሠራው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል። የጥራት መጨመሪያው ቅንብር ደግሞ በስሙ ያታልላል፤ ከፍ ሲል በካሬዎቹ ጠርዝ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ያክላል፣ ይህም በፒክስል አርት ላይ ከየትኛውም ምስል በላይ ጎልቶ ይታያል።

አዲስ ጌም ለሚሠራ ሰው

የድሮ ጌሞች መጠናቸውን አይመርጡም፤ ዛሬ ፒክስል አርት ጌም የሚሠራ ሰው ግን ይመርጣል፣ ምርጫውም ከመጀመሪያው ሥዕል በፊት መደረግ አለበት። 640 በ360 በፎር ኬ ላይ ስድስት፣ በ1440 ላይ አራት፣ በ1080 ላይ ሦስት ጊዜ በትክክል ይገባል። የዚህ ግማሽ የሆነው 320 በ180ም እንዲሁ አሥራ ሁለት፣ ስምንትና ስድስት ይሆናል። 480 በ270 በፎር ኬ ላይ ስምንት፣ በ1080 ላይ አራት ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል፤ ነገር ግን 270 በውስጡ ሦስት ሦስቶች ሲኖሩት 1440 ሁለት ብቻ ስላለው እዚያ 5.33 ይሆናል። ባለ 1440 ሞኒተር ያላቸው ተጫዋቾች ጥቂት ስላልሆኑ እኔ ብሆን 640 በ360ን እመርጣለሁ።

ጎዶ በሚባለው የጌም መሥሪያ ኢንጂን ላይ ከ4.2 እትም ጀምሮ በሙሉ ቁጥር ማጉላት በራሱ ቅንብር ሆኖ ገብቷል። በ `project.godot` ውስጥ እንዲህ ይጻፋል፦

```
[display]
window/size/viewport_width=640
window/size/viewport_height=360
window/stretch/mode="viewport"
window/stretch/scale_mode="integer"

[rendering]
textures/canvas_textures/default_texture_filter=0
```

የመጨረሻው መስመር መቀላቀሉን አጥፍቶ መቅዳትን የሚመርጠው ነው። `viewport` የሚለው ደግሞ ጌሙ በሙሉ መጀመሪያ በ640 በ360 እንዲሣልና ከዚያ በኋላ እንዲጎላ ያደርጋል፤ በዚህ ምክንያት የሚሽከረከር ነገር ሁሉ በጌሙ ፒክስል መጠን ይሣላል እንጂ በትልልቅ ካሬዎች መካከል ደቃቅ ካሬ አይቀላቅልም። ዋጋው በእንቅስቃሴ ላይ ይከፈላል። ካሜራው ከአንድ የጌም ፒክስል ያነሰ እርምጃ ሊሄድ ስለማይችል በፎር ኬ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ስድስት የስክሪን ፒክስል ይሆናል፤ በዝግታ የሚንሸራተት ካሜራ እየዘለለ ይሄዳል። ይህ የሚያሳስበው ሠሪ ምስሉን ከስክሪኑ በአንድ ፒክስል አስፍቶ ይሥልና የካሜራውን ክፍልፋይ ከጎላ በኋላ ምስሉን ሁሉ በማንሸራተት ይጨምረዋል።

እንዴት እናረጋግጥ?

ብዙ ሰው ስክሪንሹት አንሥቶ በማጉላት ለማረጋገጥ ይሞክራል። ስክሪንሹቱ የሚያሳየው ግን የመንገዱን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነው። ድራይቨሩ ወይም ቴሌቪዥኑ የሚያደርገው ሥራ ምስሉ ከተነሣ በኋላ ስለሚመጣ በፋይሉ ውስጥ አይገኝም፤ ስክሪንሹቱ ፍጹም ጥርት ብሎ ዓይናችን ፊት ያለው ምስል ግን የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከተለያዩ ቢያንስ አንድ ነገር አውቀናል፦ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ወይም ከእሱ በኋላ ያለው ስክሪን ነው።

የሚታመነው መንገድ ስክሪኑን ራሱን ማየት ነው። 240p Test Suite የሚባል ለድሮ ኮንሶሎች የተሠራ ነጻ የሙከራ ፕሮግራም አለ፤ ከሥዕሎቹ አንዱ ጥቁርና ነጭ ፒክስል እየተፈራረቁ የሚሞሉት የዳማ ሰሌዳ ነው። ማጉያው ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ከርቀት ሲታይ በሰሌዳው ላይ ሰፋፊ ጠቆር ያሉ ወይም ነጣ ያሉ ዝርጎች ይፈጠራሉ፣ ምክንያቱም የትልልቆቹና የትንንሾቹ ካሬዎች ድግግሞሽ በየተወሰነ ርቀት ይመለሳል። ዝርግ ከሌለ መጠኑ እኩል ነው። ከዚያ የስልክን ካሜራ ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ አንድ ካሬ ማንሣትና ነጥቦቹን መቁጠር ይቻላል። 224 ረድፍ ባለው ጌም፣ በዚህ ጽሑፍ በተከተልነው ቅንብር፣ ከላይ ወደ ታች ዘጠኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አሥር ነጥብ መገኘት አለበት፤ በጥቁሩና በነጩ መካከልም ግራጫ ነጥብ መኖር የለበትም። አንድ ግራጫ መስመር ከተገኘ መቀላቀል አለ፣ የሚቀጥለውም ሥራ ከኢሙሌተሩ ጀምሮ እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ አንድ በአንድ እያጠፉ መስመሩ የሚጠፋበትን ቦታ መፈለግ ነው።